ማዕከላዊ መጋዘን ወይስ በየቅርንጫፉ ክምችት? የመጠባበቂያ ክምችት አሰላል መመሪያ

ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት ክምችቱን ወደ አንድ መጋዘን ቢሰበስብ ስንት እቃ ይቀንሳል ተብሎ ሲጠየቅ፣ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ የስኩዌር ሩት ደንብ ነው። ቅርንጫፎቹ 4 ከሆኑ መጠባበቂያው በግማሽ ይቀንሳል፤ 9 ከሆኑ ወደ ሲሶ ይወርዳል። ደንቡ ስህተት የለበትም። ነገር ግን የተመሠረተባቸው ቅድመ ሁኔታዎች በአንድ ድርጅት ውስጥ ሁሉም አብረው ሲሟሉ ማየት ብርቅ ነው። ቅድመ ሁኔታዎቹን ሳይፈትሽ ደንቡን የተጠቀመ ሰው ያልተገኘ ቁጠባ ያቅዳል፤ ከዚያም መጋዘኑ ሥራ ከጀመረ ከጥቂት ወራት በኋላ እቃ በተደጋጋሚ ማለቅ ይጀምራል።

ይህ መመሪያ ቁጠባውን ከራሳችሁ የሽያጭ መዝገብ እንዴት እንደምታወጡ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ምሳሌያችን አንድ የመኪና መለዋወጫ አከፋፋይ ነው፤ አራት ቅርንጫፎች አሉት፤ የምናሰላውም ለአንድ ዓይነት ቺንጋ ነው። ቁጥሮቹ በወረቀትና በእርሳስ ለማረጋገጥ እንዲመቹ ሆነው የተመረጡ ናቸው።

## ደንቡ የሚለው ምንድን ነው?

መጠባበቂያ ክምችት የሚያዘው ከተጠበቀው በላይ ለሚመጣ ፍላጎት ነው። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ለብቻው ሲይዝ እያንዳንዱ ለራሱ መጥፎ ሳምንት ይዘጋጃል። ክምችቱ አንድ ላይ ሲሆን ግን አንዱ ቅርንጫፍ ከተጠበቀው በላይ በሸጠበት ሳምንት ሌላው ከተጠበቀው በታች ሊሸጥ ይችላል፤ ትርፉና ጉድለቱ ይቻቻላሉ። አራቱም በአንድ ሳምንት ከተጠበቀው እጅግ በላይ የመሸጣቸው ዕድል አነስተኛ ነው።

በሒሳብ ሲገለጽ፣ የመዋዠቅ መለኪያው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ ማለትም ሽያጩ ከአማካዩ በተለምዶ የሚርቅበት መጠን ነው። ሽያጮቹ አንዱ ከሌላው ጋር የማይያያዙ ከሆኑ የሚደመረው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ሳይሆን የስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ስኩዌር ነው። አራት ቅርንጫፎች የእያንዳንዳቸው የሳምንት ሽያጭ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 8 ቢሆን፣ በየቦታው ስንይዝ የምንሸፍነው መዋዠቅ 4 ጊዜ 8፣ ማለትም 32 ነው። ስንሰበስበው ግን 64 አራት ጊዜ ተደምሮ 256 ይሆናል፤ የ256 ስኩዌር ሩት 16 ነው። ከ32 ወደ 16 ወረደ ማለት ነው፤ ግማሹ የመጣውም የ4 ስኩዌር ሩት 2 ስለሆነ ነው። ዴቪድ ማይስተር በ1976 እ.ኤ.አ.፣ ጋሪ ኤፐን ደግሞ በ1979 እ.ኤ.አ. ይህን ግንኙነት በሒሳብ መልክ አስቀምጠውታል፤ ሁለቱም ግን ከግምቶቹ ጋር ነው ያስቀመጡት።

የሚረሱትም እነዚያ ግምቶች ናቸው። የቅርንጫፎቹ መዋዠቅ እኩል ነው፤ ሽያጫቸው አብሮ አይወጣም፣ አብሮም አይወርድም፤ እቃው ከአቅራቢው ሁልጊዜ በተባለው ቀን ይደርሳል፤ ከተሰበሰበ በኋላም በቅርንጫፍ ምንም አይቀመጥም። ከዚህ በታች እያንዳንዱን በተራ እንፈትሻለን።

## ደረጃ 1፦ መዝገቡን አዘጋጁ

ለእያንዳንዱ እቃ የ52 ሳምንት ሽያጭ በየቅርንጫፉ አውጡ። የወር ድምር አይበቃም፤ 12 ቁጥር ብቻ ይዞ ስለ መዋዠቅ መናገር አይቻልም። የቀን ሽያጭ ደግሞ ቀስ ብለው ለሚሸጡ እቃዎች በዜሮ የተሞላ ይሆናል። ሳምንት ለብዙ እቃ የሚመች መለኪያ ነው።

ከማስላታችሁ በፊት ሦስት ነገሮችን አጥሩ። አንደኛ፣ እቃው አልቆ የነበረባቸውን ሳምንታት ከቢን ካርዱ እያያችሁ ምልክት አድርጉባቸው። በእነዚያ ሳምንታት የተመዘገበው ዜሮ የፍላጎት ሳይሆን የክምችት ዜሮ ነው፤ እንዳለ ከተወሰደ አማካዩን ያሳንሳል፣ መዋዠቁንም ያዛባል። ከስሌቱ አውጧቸው። አንድ ሳምንት ከአንዱ ቅርንጫፍ ሲወጣ ከሁሉም ቅርንጫፍ መውጣት አለበት፤ አለበለዚያ ኋላ የምንሠራው ድምር አይገጥምም። ሁለተኛ፣ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ የተዘዋወረ እቃ በአንዳንድ ሶፍትዌር እንደ ሽያጭ ስለሚቆጠር ለዩት። ካልለያችሁት አንድ ቺንጋ ሁለት ጊዜ ተሸጦ ይታያል። ሦስተኛ፣ አንድ ትልቅ ደንበኛ አስቀድሞ አሳውቆ የገዛው የብዛት ግዢ ካለ አውጡት፤ አስቀድሞ ለሚታወቅ ፍላጎት መጠባበቂያ አይያዝም።

የምሳሌያችን መዝገብ ከተጣራ በኋላ ይህን ይመስላል።

| ቅርንጫፍ | የሳምንት አማካይ ሽያጭ | ስታንዳርድ ዴቪዬሽን |
|---|---|---|
| ሀ | 40 | 10 |
| ለ | 10 | 4 |
| ሐ | 4 | 2 |
| መ | 1 | 1 |
| ድምር | 55 | 17 |

አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ፣ አንድ መካከለኛ፣ ሁለት ትንንሾች። አብዛኛው ድርጅት ይህን ነው የሚመስለው፤ አራት እኩል ቅርንጫፍ ያለው ጥቂት ነው።

## ደረጃ 2፦ ደንቡን በራሳችሁ ቁጥር ፈትኑት

ለ95 በመቶ የምንጠቀመው ማባዣ 1.65 ነው። ይህ ማለት ከ100 የትዕዛዝ ዙር በ95ቱ አዲሱ እቃ እስኪደርስ ድረስ ክምችቱ አያልቅም ማለት ነው። ከመቶ ደንበኛ 95ቱ እቃ ያገኛሉ ማለት ግን አይደለም፤ ያ ሌላ መለኪያ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ከዚህ ከፍ ብሎ ይገኛል። እቃው ከታዘዘ በኋላ ለመድረስ 4 ሳምንት ይፈጅበታል፤ የ4 ስኩዌር ሩት 2 ነው። ትዕዛዝ የምትልኩት ክምችቱ በቀነሰ ጊዜ ሁሉ ሳይሆን በተወሰነ ቀን፣ ለምሳሌ በሁለት ሳምንት አንዴ ከሆነ፣ ያንን ሁለት ሳምንት በማስመጫ ጊዜው ላይ ደምራችሁ የ6 ስኩዌር ሩት ውሰዱ።

መጠባበቂያው ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ሲባዛ በ2 ሲባዛ በ1.65 ነው። በየቅርንጫፉ ሲያዝ፦ ሀ 33፣ ለ 13.2፣ ሐ 6.6፣ መ 3.3 ይደርሳቸዋል። በድምሩ 56.1 ቺንጋ ነው።

አሁን እንሰብስበው። ስኩዌሮቹ 100፣ 16፣ 4 እና 1 ናቸው፤ ድምራቸው 121፣ ስኩዌር ሩቱ 11። ስለዚህ ማዕከላዊው መጠባበቂያ 11 ሲባዛ በ2 ሲባዛ በ1.65፣ ማለትም 36.3 ነው። ቁጠባው 35 በመቶ ገደማ ይሆናል።

የስኩዌር ሩት ደንቡ ግን 56.1ን ለ2 ከፍሎ 28 ያዙ ይለናል። ልዩነቱ የመጣው ሀ ቅርንጫፍ ብቻውን አብዛኛውን መዋዠቅ ስለተሸከመ ነው። ትንንሾቹ ቅርንጫፎች የሀን መጥፎ ሳምንት ለማቻቻል አቅም የላቸውም። በ28 ብንጀምር ምን ይሆናል? 28ን ለ22፣ ማለትም ለ11 ሲባዛ በ2፣ ስናካፍለው የሚገኘው ማባዣ 1.27 ነው፤ እሱም ወደ 90 በመቶ ይተረጎማል። ከመቶ ዙር 5 ጊዜ ሊያልቅ የታቀደው እቃ 10 ጊዜ ያልቃል። የጎደለው 8 ቺንጋ ብቻ ነው፤ እቃ የሚያልቅበት ጊዜ ግን እጥፍ ሆነ። ስለዚህ የቅርንጫፍ ብዛትን ቆጥራችሁ አትከፋፍሉ፤ ስኩዌሮቹን ደምሩ።

እንደ መ ባለ በሳምንት አንድ ብቻ በሚሸጥ ቅርንጫፍ የ1.65 ማባዣ ግምታዊ ነው። ሽያጩ በጣም ትንሽ ሲሆን ቁጥሮቹ በደወል ቅርጽ አይበታተኑም፤ በእንደዚህ ዓይነት ቦታ ክምችቱን በሙሉ ቁጥር ወደ ላይ አጠጋግቶ መያዝ ይበቃል።

## ደረጃ 3፦ ቅርንጫፎቹ አብረው ይዋዥቃሉ ወይ?

ለዚህ ጥንድ ጥንድ እያደረጋችሁ ተዛምዶ ማስላት አያስፈልግም። ቀላሉ መንገድ የአራቱን ቅርንጫፍ የየሳምንቱን ሽያጭ ደምሮ የድምሩን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ማውጣት ነው። ተዛምዶው ሁሉ በዚያ አንድ ቁጥር ውስጥ ይገባል። በኤክሴል ሳምንቶቹን በ A፣ ቅርንጫፎቹን ከ B እስከ E፣ የየሳምንቱን ድምር በ F አስቀምጡ፤ ከዚያ፦

```
B55:  =STDEV.S(B2:B53)
F55:  =STDEV.S(F2:F53)
G55:  =SUM(B55:E55)
H55:  =SQRT(SUMSQ(B55:E55))
```

የ B55ን ቀመር እስከ E55 ገልብጡት። G55 በየቅርንጫፉ ሲያዝ የሚሸፈነው መዋዠቅ ነው፤ በምሳሌያችን 17። H55 ቅርንጫፎቹ አይያያዙም ብለን ስንገምት የሚገኘው ነው፤ 11። F55 ደግሞ በእውነት የሆነው ነው። ለስሌት የምትጠቀሙት F55ን ነው።

F55 ወደ 11 ከቀረበ ግምቱ ልክ ነው። ወደ 17 በቀረበ ቁጥር ቅርንጫፎቹ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ ማለት ነው። ለምሳሌ በማንኛቸውም ሁለት ቅርንጫፎች መካከል ያለው ተዛምዶ 0.3 ቢሆን F55 13.1 ይሆናል፤ መጠባበቂያውም ከ36.3 ወደ 43.2 ያድጋል። ተዛምዶው 1 ቢሆን 17 ላይ ይቆማል፤ መሰብሰቡ አንድም ቺንጋ አያስቀርም። አብረው የሚያዋዥቁ ምክንያቶች የታወቁ ናቸው፤ በሁሉም ቦታ በአንድ ቀን የተጀመረ ቅናሽ፣ የወቅት ለውጥ፣ የዋጋ ጭማሪ ወሬ፣ የተፎካካሪ እቃ ማለቅ።

ከእነዚህ መካከል አስቀድማችሁ የምታውቁትን፣ ለምሳሌ ወቅቱንና ቅናሹን፣ በመጠባበቂያ አትሸፍኑት። ከትንበያው ጋር አስገቡት፤ ከዚያ ከሽያጩ ይልቅ የትንበያ ስህተቱን፣ ማለትም ከተጠበቀው ምን ያህል እንደራቀ፣ በዚያው ሠንጠረዥ አስሉ። ወቅታዊ እቃ ላይ ይህን ስታደርጉ F55 በብዙ ሲወርድ ታያላችሁ፤ ተዛምዶ መስሎ የታየው ወቅቱ ነበርና።

ጥንቃቄ፦ በ52 ሳምንት መረጃ የተሠራ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ራሱ 10 በመቶ ያህል ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል። F55 12 ቢወጣና H55 11 ቢሆን ተዛምዶ አለ ብላችሁ አትደምድሙ። በስሌታችሁ ግን ትልቁን ውሰዱ።

ደግሞም ተዛምዶ ካለ ቅርንጫፍ በመጨመር ቁጠባው ያለ ገደብ አያድግም። እኩል መዋዠቅ ያላቸው ቅርንጫፎች ተዛምዷቸው 0.3 ከሆነ፣ ብዛታቸው መቶም ቢደርስ የሚቀረው መጠባበቂያ ከ0.3 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም ከ55 በመቶ ገደማ በታች አይወርድም።

## ደረጃ 4፦ አቅራቢው ሲዘገይስ?

ብዙ ስሌት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት። እስካሁን እቃው ሁልጊዜ በ4 ሳምንት ይደርሳል ብለናል። ያለፉትን ትዕዛዞች መዝገብ አውጡና ከታዘዘበት እስከ ተረከባችሁበት ቀን ያለውን ጊዜ አስሉ፤ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑንም አውጡ። በምሳሌያችን አንድ ሳምንት ነው እንበል፤ አንዳንዱ በ3፣ አንዳንዱ በ5፣ አልፎ አልፎም በ6 ሳምንት ይደርሳል።

መዘግየት ሲኖር በመጠባበቂያው ላይ ሌላ ክፍል ይጨመራል፦

```
SS = z * SQRT( L * s^2  +  D^2 * sL^2 )
```

z ማባዣው (1.65)፣ L የማስመጫ ጊዜው (4 ሳምንት)፣ s የሳምንት ሽያጭ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ D የሳምንት አማካይ ሽያጭ፣ sL ደግሞ የማስመጫ ጊዜው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (1 ሳምንት) ነው።

ለሀ ቅርንጫፍ፦ 4 ሲባዛ በ100 400 ነው፤ 40 ስኩዌር 1600። ድምሩ 2000፣ ስኩዌር ሩቱ 44.7። ለለ የ164 ስኩዌር ሩት 12.8፣ ለሐ የ32 5.7፣ ለመ የ5 2.2 ይወጣል። ተደምረው በ1.65 ሲባዙ 108 ቺንጋ ገደማ ናቸው። ለማዕከሉ ስናሰላ 4 ሲባዛ በ121 484፣ 55 ስኩዌር 3025፣ ድምሩ 3509፣ ስኩዌር ሩቱ 59.2፣ በ1.65 ሲባዛ 97.7 ይሆናል።

ከ108 ወደ 98። 35 በመቶ የነበረው ቁጠባ ወደ 9.5 በመቶ ወረደ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የአራቱም ቅርንጫፍ ቺንጋ የሚመጣው ከአንድ አቅራቢ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ጭነት ነው። ጭነቱ ሲዘገይ ለሁሉም ይዘገያል፤ የአንዱን መዘግየት የሚያቻችል ቀድሞ የደረሰ ሌላ የለም። የሽያጭ መዋዠቅ ሲሰበሰብ ይቻቻላል፤ የጋራ መዘግየት ግን ሲሰበሰብም እንዳለ ይቆያል። ቅርንጫፎቹ ቀድሞ ከተለያዩ አቅራቢዎች ወይም በተለያየ መንገድ ያስመጡ ከነበረ ነገሩ ይለያል፤ ያኔ መዘግየቶቹም በከፊል ይቻቻሉ ነበር፤ ወደ አንድ አቅራቢ መሰብሰብ ይህን ጥቅም ሊያጠፋ ይችላል።

አሁን ደግሞ መዘግየቱን ብንቀንስስ? የማስመጫ ጊዜው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ከአንድ ሳምንት ወደ ግማሽ ቢወርድ የማዕከሉ ስሌት 484 ሲደመር 756 ይሆናል፤ ስኩዌር ሩቱ 35.2፣ መጠባበቂያው 58። መሰብሰቡ ብቻውን ያስቀረው 10 ቺንጋ ነበር፤ መዘግየቱን በግማሽ መቀነስ ሌላ 40 ያስቀራል። ስለዚህ መዝገባችሁ ትልቅ መዘግየት ካሳየ፣ መጋዘን ከመከራየታችሁ በፊት ከአቅራቢው ጋር ተነጋገሩ፤ የመላኪያ ቀን በውል ይያዝ፣ ሰነዶች ጭነቱ ከመድረሱ በፊት ይጠናቀቁ፣ ትዕዛዞችንም በየሳምንቱ ተከታተሉ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለማየት እንዲቀል መዘግየት የለም ወደሚለው ስሌት እንመለስ፤ 56.1 በየቅርንጫፉ፣ 36.3 በማዕከል።

## ደረጃ 5፦ በቅርንጫፍ የሚቀረውን ቁጠሩ

36.3 የሚለው ቁጥር የሚሠራው ደንበኛው እቃውን ከማዕከሉ ሲያገኝ ብቻ ነው። ቅርንጫፎቹ መደርደሪያቸው ላይ እቃ ይኑር ካልን፣ ከማዕከሉ የሚሄደው መኪና እስኪመለስ ድረስ የሚያቆይ የራሳቸው መጠባበቂያ ያስፈልጋቸዋል።

መኪናው በሳምንት አንዴ ይሄዳል እንበል። የቅርንጫፎቹ መጠባበቂያ ለአንድ ሳምንት 17 ሲባዛ በ1.65፣ 28 ገደማ ነው። ከማዕከሉ 36.3 ጋር ሲደመር 64 ይሆናል። መጀመሪያ በየቅርንጫፉ ስንይዝ ግን 56 ነበር! መጋዘን ተጨመረ፣ መኪና ተጨመረ፣ ክምችቱም ጨመረ። መኪናው በሳምንት ሁለቴ ቢሄድ የቅርንጫፎቹ ድርሻ ወደ 19.8 ይወርዳል፤ ድምሩ ተመልሶ 56 ላይ ያርፋል። በሳምንት ስድስት ቀን በየቀኑ ቢሄድ 11.5 ይሆንና ድምሩ 48 አካባቢ ይደርሳል። ቁጠባው የሚወሰነው በመኪናው ምልልስ ነው ማለት ነው።

ሁለቱን እርከኖች እንዲህ በቀጥታ መደመር ትንሽ ያበዛል፤ ምክንያቱም ማዕከሉ እንደ ቅርንጫፍ 95 በመቶ መጠበቅ የለበትም። ማዕከሉ ሲያልቅበት ደንበኛው ወዲያው አይጎዳም፤ ቅርንጫፉ የራሱ መጠባበቂያ አለውና። በሁለት እርከን ስርዓት የማዕከሉ ደረጃ ከቅርንጫፎቹ ዝቅ ማለቱ የተለመደና ትክክለኛ ነው። ማዕከሉን በ80 በመቶ (ማባዣ 0.84) ብትይዙ 18.5 ይበቃዋል፤ በሳምንት አንዴ በሚሄድ መኪናም ድምሩ 46.5 ይሆናል። ነገር ግን የቅርንጫፍ ትዕዛዝ አንዳንዴ ይዘገያልና፣ ለጥቂት ወራት እየተከታተላችሁ የቅርንጫፉን መጠን ከፍ ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል።

በዑደት የሚያልቀውና የሚተካው መደበኛ ክምችትም አብሮ ይቀንሳል ብላችሁ አትጠብቁ። ትዕዛዙ በተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ በየወሩ የሚላክ ከሆነ የወሩ ፍላጎት ቢሰበሰብም ባይሰበሰብም ያው ነው። የሚቀንሰው ቅርንጫፎቹ በአቅራቢው አነስተኛ የትዕዛዝ መጠን ምክንያት ከሚያስፈልጋቸው በላይ ሲያዙ ከነበረ ነው። በሳምንት አንድ የሚሸጠው መ 50 ቺንጋ ለማዘዝ ሲገደድ ለአንድ ዓመት የሚሆን እቃ ይዞ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ነገር ካለ ከመጠባበቂያው የበለጠ ቁጠባ የምታገኙት ከዚያ ነው።

## ደረጃ 6፦ ምን ይሰብሰብ፣ ምን ይቆይ?

ለምሳሌያችን የተሻለው መልስ አዲስ መጋዘን አይደለም። ትልቁን ሀ ቅርንጫፍ ራሱን ማዕከል ማድረግ ነው። ሀ ከማዕከሉ ጋር አንድ ቦታ ስለሆነ ሁለተኛ መጠባበቂያ አይፈልግም፤ 36.3ቱ ለእሱም ለሌሎቹም ያገለግላል። ለ በሳምንታዊው መኪና እየተሞላ 6.6 ይይዛል። ሐ እና መ መጠባበቂያ አይይዙም፤ ጥቂት ፍሬ ለመደበኛ ሽያጭ ብቻ ይቀመጥላቸውና ሲያልቅባቸው ደንበኛው ከሀ ያስመጣል። ድምሩ 43 ገደማ ነው፤ ከ56.1 ጋር ሲነጻጸር 24 በመቶ ይቀንሳል፤ ተጨማሪ የቤት ኪራይም የለውም።

ለሌሎች እቃዎች ስትወስኑ በቅድሚያ የምትጠይቁት ጥያቄ ደንበኛው ይጠብቃል ወይ የሚለው ነው። መኪናው መንገድ ላይ የቆመበት ሰው ቺንጋ እስከ ነገ አይጠብቅም፤ ከጎረቤት ሱቅ ይገዛል። የሞተር ጥገና ያስገባ ሰው ግን ፒስተን ሁለት ቀን ሊጠብቅ ይችላል፤ ጥገናው ራሱ ያን ያህል ይፈጃል። የማይጠበቅለት እቃ ሒሳቡ ምንም ቢል በቅርንጫፍ ይቆይ። ይህን ለማወቅ በግምት አትሂዱ፤ ለአንድ ወር በሁለት ቅርንጫፍ ‹‹ነገ ይደርሳል›› ሲባል የተስማማውንና የሄደውን ደንበኛ በእቃ ዓይነት መዝግቡ።

ከዚያ ቀጥሎ መዋዠቁን ከአማካዩ ጋር አነጻጽሩ። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ከአማካይ ሽያጩ ሲሶ በታች የሆነ፣ በብዛት የሚሸጥ እቃ (እንደ ዘይት ፊልትሮ ያለ) መጠባበቂያው ከሽያጩ አንጻር ትንሽ ነው፤ ተሰብስቦም የሚያስቀረው ጥቂት ነው፤ የማጓጓዣውን ወጪ ግን ያበዛል። በየቅርንጫፉ ይሁን። መዋዠቁ ከአማካዩ ጋር የሚስተካከል ወይም የሚበልጥ፣ ዋጋው ከፍ ያለ፣ አነስተኛ መጠን ያለውና ለማጓጓዝ የሚቀል እቃ ከሆነ ለመሰብሰብ የመጀመሪያው ዕጩ እሱ ነው። በመካከል ላሉት ከደረጃ 2 እስከ 5 ያለውን ስሌት ሠርታችሁ፣ የሚቀረውን ክምችት ዓመታዊ የመያዣ ወጪ ከሚጨመረው የማጓጓዣ ወጪ ጋር አነጻጽሩ።

## ደረጃ 7፦ ሽግግሩ

በማዕከሉ ክምችት ሳይሞላ የቅርንጫፍን እቃ አትሰብስቡ። መጀመሪያ የማዕከሉን የማዘዣ ነጥብ አስቀምጡ፤ የ4 ሳምንት ፍላጎት 220 ሲደመር 37፣ ማለትም 257 ነው። በእጅ ያለውና ታዝዞ በመንገድ ላይ ያለው ተደምሮ ወደዚህ ቁጥር ሲወርድ አዲስ ትዕዛዝ ይላካል። ቅርንጫፎቹ ከአቅራቢው ማዘዝ ያቁሙ፤ የያዙት ትርፍ በሽያጭ እየቀለለ ይሂድ። መልሶ ማጓጓዝ የሚያዋጣው ለውድና ለማይሸጡ እቃዎች ብቻ ነው።

ሀ ማዕከል ሲሆን ዋናው ችግር የሚመጣው ከሀ ሽያጭ ሠራተኞች ነው። እቃው ፊታቸው ስለሆነ ያለውን ሁሉ ይሸጣሉ፤ ለ እና ሐ የጠየቁት ትዕዛዝ ባዶ መደርደሪያ ላይ ይደርሳል። ይህ እየሆነ መሆኑን የምታውቁት የሀ እቃ የማለቅ ብዛት ዝቅ ብሎ የሌሎቹ ብቻ ሲጨምር ነው። መፍትሔው የቅርንጫፎች ትዕዛዝ እንደገባ እቃው በስርዓቱ ላይ ወዲያው እንዲያዝ ማድረግ ነው። ከዚያ አልፎ ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ቋሚ ኮታ መመደብ ግን ክምችቱን በመጋዘኑ ውስጥ መልሶ መከፋፈል ይሆናል፤ መቻቻሉም ይጠፋል።

ሁለተኛው ችግር የቅርንጫፍ ሓላፊዎች ድብቅ ክምችት ነው። አንድ ጊዜ ትዕዛዛቸው ከዘገየ ቀጣዩን አብዝተው ያዛሉ። የሚታወቀው ከቅርንጫፉ የሚመጣው ትዕዛዝ ቅርንጫፉ ከሚሸጠው በተከታታይ ሲበልጥ ነው። የማዕከሉን ትዕዛዝ ከቅርንጫፎች ጥያቄ ሳይሆን ከቅርንጫፎች ሽያጭ ላይ አስሉ፤ መኪናው የሚጭነውንም ማዕከሉ ይወስን።

አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፈት የስኩዌር ድምሩን ብቻ አድሱ። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 2 የሆነ ትንሽ ቅርንጫፍ ቢጨመር 121 ወደ 125 ያድጋል፤ የማዕከሉ መጠባበቂያ ከ36.3 ወደ 36.9 ነው የሚሄደው፤ አንድ ቺንጋ እንኳ አይሞላም። እንደ ሀ ትልቅ የሆነ ቅርንጫፍ ከተከፈተ ግን 221 ይሆንና መጠባበቂያው 49 ይደርሳል፤ ያኔ አዲሱ ቅርንጫፍ ከአቅራቢው በቀጥታ ማዘዙ ይሻል እንደሆነ ስሌቱን ከደረጃ 4 ጀምሮ እንደገና ሥሩት።